ከመዝገብ የተሰረዘ ኩባንያ ዕዳውን ማን ይከፍላል?

ሁለት ወንድማማቾች ለንደን ውስጥ ኩባንያ አቋቁመው ከይርጋጨፌ ቡና ያስገቡ ነበር እንበል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው ቆመ። በኩባንያው የባንክ ሒሳብ 12,000 ፓውንድ ቀርቷል፤ ቡናውን ያቀረበው ላኪ ደግሞ 9,000 ፓውንድ ይቀረዋል። ወንድማማቾቹ «ኩባንያው ሥራ ስለማይሠራ የሚጠበቅብን ነገር የለም» ብለው ተዘናጉ። መዘዙ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በብሪታንያ ሕግ ሥራ ያቆመ ኩባንያም ቢሆን በየዓመቱ የሒሳብ መግለጫና የኩባንያውን ዝርዝር የሚያረጋግጥ ሰነድ ለመዝጋቢው ማቅረብ አለበት። ይህ ሲቀር መዝጋቢው ኩባንያው በሥራ ላይ የለም ብሎ ይጠረጥራል። በተመዘገበው አድራሻ ደብዳቤ ይልካል፤ መልስ ካላገኘ ይደግማል። ዝምታው ከቀጠለ የኩባንያውን ስም በመንግሥት ጋዜጣ ያወጣና ሁለት ወር ጠብቆ ይሰርዘዋል። ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላስተካከለ ሰው ደግሞ ደብዳቤውን አያየውም።

የተሰረዘ ኩባንያ በሕግ ፊት የለም። 12,000 ፓውንዱ ለወንድማማቾቹ አይተላለፍም፤ ባለቤት እንደሌለው ንብረት ተቆጥሮ ለዘውዱ ይሆናል። ላኪውም የሚከሰው አካል ያጣል።

መመለሻው መንገድ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ በ6 ዓመት የተወሰኑ ናቸው። ቀላሉ ለራሱ ለመዝጋቢው ማመልከት ሲሆን፣ የሚፈቀደው ለቀድሞ ዳይሬክተር ወይም ለባለአክሲዮን ብቻ ነው። ያልቀረቡት ሰነዶች ተሟልተው ቅጣቱ ይከፈላል፤ ንብረቱ ወደ ዘውዱ ከሄደ የዘውዱ ወኪል ስምምነትም ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድ ጠንካራ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ ኩባንያው በተሰረዘበት ጊዜ ንግድ ላይ ወይም በሥራ ላይ የነበረ መሆን አለበት። ሥራ ፈትቶ የተሰረዘ ኩባንያ ይህን ማሳየት ይቸገራል። በዝምታ ተሰርዞ በዚያው ዝምታ ምክንያት ቀላሉ በር ይዘጋበታል ማለት ነው።

የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ መመለሱን ፍትሐዊ ሆኖ ካገኘው ሊያዝ ይችላል። ስረዛው ሲፈጸም ገንዘብ ይጠይቅ የነበረው ላኪም አመልካች መሆን ይችላል፤ ወጪው ግን ከዕዳው ጋር መመዘን አለበት። ትእዛዙ ሲጸና ኩባንያው ፈጽሞ እንዳልተሰረዘ ይቆጠራል፣ ዕዳውም አብሮ ይመለሳል።

ለላኪው ግን ርካሹ ጊዜ ከስረዛው በፊት ያለው ነው። መዝገቡን ማንም በኢንተርኔት በነፃ ማየት ይችላል። ከኩባንያው ስም ሥር «Active proposal to strike off» የሚል ከታየ ሁለት ወሩ መቁጠር ጀምሯል ማለት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደረሰኝና የውል ቅጂ አያይዞ ለመዝጋቢው ተቃውሞ ማቅረብ ስረዛውን ሊያስቆም ይችላል።