ምስክርነት በጅምላ አይጠየቅም

የሥራ ልምምድ የጨረሱ ወጣቶች ሊንክድኢን ላይ «ችሎታዬን አረጋግጡልኝ» የሚል አንድ መልእክት ለሃያ ሰው ይበትናሉ። ይሉኝታ የያዘው ይጫንላቸዋል፤ ሌላው ዝም ይላል። ሥራውን ያላየ ሰው የተጫነው ምልክት ግን ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። በእኔ እምነት ሥራውን ያየ አንድ ባልደረባ የሚጽፈው ሦስት መስመር ይበልጣል።

መጀመሪያ ገጹ ይስተካከል። የሥራው ዓይነት Internship ተብሎ ይመረጥ፤ ያበቃበት ወርም ይሞላ። ልምምዱን እንደ ቋሚ ሥራ ላስመሰለ ሰው ባልደረባው እንዴት ይመስክር?

ከዚያ Recommendations በሚለው ክፍል በኩል ጥያቄው ይላካል። በዜና ክፍል ሦስት ወር የሠራች ልጅ ለነባር ባልደረባዋ እንዲህ ብትጽፍስ? «ሰላም እህቴ፣ የጤፍ ዋጋ ዘገባዬን አርመሽልኝ ነበር። መረጃ በማጣራት በኩል ያየሽውን በሁለት ሦስት መስመር ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ካልተመቸሽ ግን ምንም አይደለም።»

ተጠያቂዋ ምን እንደምትጽፍ ታውቃለች፤ እምቢ የምትልበት በርም ክፍት ነው። ጽሑፉ ጠያቂዋ ሳትቀበለው ገጿ ላይ አይወጣም፤ ስህተት ካለው እንዲታረም መጠየቅ ትችላለች። መልስ ከዘገየ አንድ ማስታወሻ ይበቃል። ሁለተኛው ልመና ይሆናል።