ብር የወደቀው በ30 ነው ወይስ በ23 በመቶ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በንግድ ባንክ አንድ ዶላር ከ57.48 ብር ወደ 74.74 ብር ዘለለ። ወዲያው ስልካችን «ብር በ30 በመቶ ወደቀ» በሚል ተጥለቀለቀ። የውጭ ሚዲያዎች ሳይቀሩ እንደዚያ ጽፈዋል።

እስቲ ካልኩሌተራችሁን ክፈቱ። ዶላር የጨመረው 17.26 ብር ነው። ይህ ለመነሻው ለ57.48 ሲካፈል 30 በመቶ ይመጣል። ግን ይሄ የዶላሩ ጭማሪ ነው። የብሩን ለማወቅ ከብሩ መነሳት አለብን። 1,000 ብር አርብ ዕለት 17.40 ዶላር ነበር፤ ሰኞ 13.38 ሆነ። ብር ያጣው 23 በመቶ ነው። በኋላ ዶላር ከ115 ብር ሲያልፍ ደግሞ «ብር ከ100 በመቶ በላይ ወደቀ» ማለት ተጀመረ። ከ100 በመቶ በላይ የወደቀ ገንዘብ እኮ ከባዶ በታች ነው! ዶላር እጥፍ ሲሆን ብር ያጣው ግማሹን ነው።

እነዚሁ ሁለት ቁጥሮች በቻርትም ይዋሻሉ። ሁለት ዓምድ ሥሩና የግራው መስመር ከዜሮ ሳይሆን ከ50 ይጀምር። የመጀመሪያው ዓምድ 7.48፣ ሁለተኛው 24.74 ቁመት ይኖረዋል፤ ማለትም ከሦስት እጥፍ በላይ። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፣ ዓይን የሚያየው ግን ውሸት ነው። ዓምድ የሚነበበው በቁመቱ ስለሆነ ከዜሮ መጀመር አለበት። የየቀኑን ለውጥ ማሳየት ከፈለጋችሁ የመስመር ግራፍ ተጠቀሙ። እሱ የሚነበበው በአቅጣጫው ስለሆነ ከ50 ቢጀምርም ችግር የለውም፣ ብቻ ከሥሩ ጻፉት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከቻርቱ ሥር የሚለጠፈው ድምዳሜ ነው። «በዶላሩ ምክንያት ደብረ ማርቆስ ላይ ጤፍ ተወደደ» የሚል ሰው የዶላር ቻርት ብቻ ቢያሳየኝ አላምነውም። ማዳበሪያውና ነዳጁ በዶላር እንደሚገቡ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ግንኙነት ሊኖር ይችላል። ጤፉ ግን እዚሁ ጎጃም ነው የሚበቅለው፣ የራሱም ወቅት አለው። ከአውድማ እንደወጣ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይረክሳል፤ ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲጎድል ይወደዳል። ሐምሌ 22 ደግሞ ክረምት መሃል ናት። የጥርን ዋጋ ከነሐሴ ጋር ያወዳደረ ሰው ዶላር ባይነቃነቅም ጭማሪ ያገኛል።

ስለዚህ ነሐሴን ካለፈው ዓመት ነሐሴ ጋር ነው የምናወዳድረው፤ ማኛን ከማኛ፣ ሰርገኛን ከሰርገኛ፣ በዚያው ገበያ፣ በኩንታል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ከቻርቱ ሥር መጻፍ የምችለው «ዶላሩ ከተለቀቀ በኋላ ጤፍ በዚህን ያህል ጨምሯል» የሚል ነው። «በዶላሩ ምክንያት» ለማለት የትራንስፖርቱን፣ የመንገድ መዘጋቱንና የምርቱን መጠን ለይቼ ማሳየት ይኖርብኛል፤ ያንን ደግሞ ሁለት ዓምድ አይችለውም።