ያተረፈው መጽሔት ማሳተሚያ ለምን አጣ?

የቢዝነስ ዜና ስንጽፍ አንድ የለመድነው ዓረፍተ ነገር አለ። «ድርጅቱ በበጀት ዓመቱ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር አተረፈ» እንልና አራት ነጥባችንን እናስቀምጣለን። አንባቢው ደግሞ ያ ሁሉ ብር በድርጅቱ ካዝና ተደርድሮ ይታየዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ድርጅት ደመወዝ መክፈል አቃተው ሲባል «እንዴ! ያ ሁሉ ትርፍ የት ገባ? ተበላ ማለት ነው» ይላል። የሚበላበት ጊዜ የለም አልልም። ሆኖም ማንም ምንም ሳይሰርቅ ትርፉም እውነት፣ የካዝናው ባዶነትም እውነት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ትርፉን ጽፎ የገንዘቡን ነገር የሚተው ዜና ግማሽ ዜና ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ነገሩ የሚመጣው ከሂሳብ አያያዙ ነው። ሂሳብ የሚያዝበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛውን ሳንማረውም እናውቀዋለን። ብር እጅ ሲገባ ገቢ፣ ከእጅ ሲወጣ ወጪ ብሎ መመዝገብ ነው። ባለ ሱቁ ማታ መሳቢያውን ቆጥሮ «ዛሬ ጥሩ ነው» የሚለው በዚህ ነው። የጥሬ ገንዘብ መሠረት ወይም ካሽ ቤዚስ ይሉታል። ሁለተኛው አክሩዋል ቤዚስ ነው። በዚህኛው ገቢ የሚመዘገበው ሥራው ተሠርቶ ለደንበኛው ሲደርስ ነው፤ ብሩ ዛሬ ይምጣ ከሦስት ወር በኋላ ይምጣ ለውጥ የለውም። ወጪም ብሩ በተከፈለበት ቀን ሳይሆን የተገዛው ነገር ሥራ ላይ በዋለበት ጊዜ ይመዘገባል። ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ የምንሰማው «ትርፍ» የዚህ የሁለተኛው ልጅ ነው። በአገራችንም የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ትልልቅ ድርጅቶች እንዲከተሉ የተደረገው ዓለም አቀፍ ደረጃ የቆመው በአክሩዋል ላይ ነው።

በእኛው ሙያ ላስረዳ። አንድ ወርኃዊ መጽሔት በሐሳባችን እንመሥርት። ባለቤቶቹ 550 ሺህ ብር አዋጥተው መስከረም ላይ ጀመሩ እንበል። የመስከረምን፣ የጥቅምትንና የኅዳርን እትሞች አወጡ። የሦስት ወር ሂሳባቸውን ሁለት ጊዜ እንሥራው።

መጀመሪያ በአክሩዋል። በሦስቱ እትሞች የወጣው ማስታወቂያ 600 ሺህ ብር ነው። ማስታወቂያው ታትሞ ወጥቷልና ገቢው ተገኝቷል፣ ሙሉውን እንመዘግባለን። ከመንገድ ሽያጭ 300 ሺህ ተገኘ። መቶ ሰዎች ደግሞ የዓመት ደንበኛ ለመሆን እያንዳንዳቸው 1,200 ብር ከፍለዋል፤ በድምሩ 120 ሺህ። ግን መጽሔቱ ከአሥራ ሁለቱ እትም ለእነዚህ ሰዎች ያደረሰው ሦስቱን ብቻ ስለሆነ የሩቡ ዓመት ገቢ 30 ሺህ ነው። ቀሪው 90 ሺህ የአንባቢዎች ዕዳ ነው። ጠቅላላ ገቢው 930 ሺህ መጣ።

ወደ ወጪው እንሂድ። ዋጋው ሳይጨምር ብለው የ400 ሺህ ብር ወረቀት ገዝተዋል፤ የተጠቀሙት ግማሹን ነውና 200 ሺህ እንይዛለን። ለማተሚያ ቤት 180 ሺህ፣ ለደመወዝና ለቤት ኪራይ 300 ሺህ። በ180 ሺህ ብር ኮምፒውተሮች ገዝተዋል፤ አምስት ዓመት ያገለግላሉ ብንል የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 36 ሺህ፣ የሩቡ ዓመት 9 ሺህ ይሆናል። ወጪው በድምሩ 689 ሺህ። ትርፍ 241 ሺህ ብር! የኛ ሪፖርተር ቢሄድ «ጀማሪው መጽሔት በሦስት ወር ሩብ ሚሊዮን ብር ገደማ አተረፈ» ብሎ ይመለሳል። ውሸት አልጻፈም።

አሁን ባንክ እንሂድ። ከማስታወቂያው 600 ሺህ ውስጥ የተከፈለው 150 ሺህ ብቻ ነው። ሌላው «የፋይናንስ ኃላፊው ይፈርምበታል» እየተባለ በየቢሮው ያለ ደረሰኝ ነው። ከመንገድ ሽያጭ 300 ሺህ፣ ከዓመት ደንበኞች ሙሉው 120 ሺህ ገብቷል። የገባው ብር 570 ሺህ። የወጣውስ? የወረቀት ሻጩ ግማሹን ስትጠቀሙ ግማሹን ክፈሉ አላለም፣ 400 ሺህ ወስዷል። ማተሚያ ቤቱ 180፣ ደመወዝና ኪራይ 300፣ ኮምፒውተር 180። በድምሩ 1,060 ሺህ። ከገባው የወጣው በ490 ሺህ ይበልጣል። ባለቤቶቹ ካዋጡት 550 ሺህ ውስጥ የቀረው 60 ሺህ ብር ነው። የታኅሣሥን እትም ለማሳተም ግን 60 ሺህ፣ ለደመወዝና ኪራይ ሌላ 100 ሺህ ያስፈልጋል። 241 ሺህ ያተረፈው መጽሔት ታኅሣሥን ማለፊያ አጣ ማለት ነው።

የጎደለው ብር የት ሄደ? አንድ በአንድ መከተል ይቻላል፣ የሂሳብ ሰዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከትርፉ ከ241 ሺህ ይነሱ። ገቢ ተብሎ የተመዘገበ ግን ያልተሰበሰበ ማስታወቂያ 450 ሺህ ይቀንሳሉ። በመጋዘን የተቀመጠ ወረቀት 200 ሺህ ይቀንሳሉ። የተከፈለበት ግን ገና በወጪነት ያልተያዘ የኮምፒውተር ዋጋ 171 ሺህ ይቀንሳሉ። ገንዘቡ ገብቶ ገቢ ያልተባለውን የደንበኞች 90 ሺህ ይደምራሉ። ልክ 490 ሺህ የጎደለበት ላይ ይደርሳሉ፤ አንድ ብር አይዛነፍም። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ የሚባለው ሦስተኛው ሠንጠረዥ ይህ ነው። ከትርፍና ኪሳራ መግለጫውና ከሀብትና ዕዳ መግለጫው ጋር አብሮ ይቀርባል፣ እኛ ግን ገጹን ገልብጠን እናልፈዋለን።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው አክሩዋል የሚባለው ነገር ማታለያ ነው፣ የቆጠሩትን ብር ብቻ መጻፍ አይሻልም?» ይላሉ። አይሻልም። በካሽ ቤዚስ ብቻ ብናይ ይህ መጽሔት በሦስት ወር 490 ሺህ ከሰረ ማለት ነው፤ ይህም ልክ አይደለም። ወረቀቱ መጋዘን አለ፣ ኮምፒውተሮቹ ይሠራሉ፣ ተበዳሪዎቹም አሉ። በተቃራኒው መጽሔቱ መስከረም ላይ አንድ ሺህ የዓመት ደንበኛ ቢያገኝ 1.2 ሚሊዮን ብር በእጁ ይገባና ሀብታም ይመስላል። ያ ብር ግን እስከ ነሐሴ ድረስ ለሺህ ሰው መጽሔት የማድረስ ዕዳ ነው። በዚያ ላይ ጥሬ ገንዘብንም ማሳመር ይቻላል። ሰኔ 30 ላይ የሚከፈለውን ሂሳብ «ሐምሌ 1 ኑ» ብሎ ባለገንዘቦችን መመለስ በቂ ነው፤ በዚያች ቀን የባንክ ሂሳቡ ወፍራም ሆኖ ይታያል።

አክሩዋልም ግምት አለበት፣ ማጭበርበር የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ከ450 ሺሁ ውስጥ አንዱ አስተዋዋቂ 200 ሺህ ዕዳ ይዞ ቢዘጋ ትርፉ ወደ 41 ሺህ ይወርዳል። ሂሳብ ሹሙ ይህን አስቀድሞ ገምቶ መቀነስ አለበት፤ ካልፈለገ ግን «ይከፍላሉ» ብሎ ሊተወው ይችላል። ባንኮች ላይም ያው ነው። የብድር ወለድ ቀኑ በቆጠረ ቁጥር ገቢ እየተባለ ይመዘገባል፣ ተበዳሪው ባይከፍልም። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ክፍያው 90 ቀን ያለፈበትን ብድር ከተበላሹት መድቦ ያልተሰበሰበው ወለድ በገቢነት እንዳይያዝ የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም። አለበለዚያ የማይከፈል ብድር በወረቀት ላይ ትርፍ ሲወልድ ይኖራል።

የውጭ ምሳሌ ካስፈለገ አሜሪካን የሚያህል የለም። ደብሊው ቲ ግራንት የሚባል ከ1,000 በላይ መደብር የነበረው ነጋዴ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 ኪሳራውን አወጀ። ዕቃ በዱቤ በብዛት ይሸጥ ስለነበር ሽያጩ በደብተር ትርፍ ነበር፤ ብሩ ግን በደንበኞች እጅና በመደርደሪያ ላይ ባለ ዕቃ ታስሮ ቀረ። ከመውደቁ ሁለት ዓመት በፊት እንኳ አክሲዮኑ ከዓመት ትርፉ ሃያ እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በኋላ ላርጌይና ስቲክኒ የተባሉ ሁለት ምሁራን ሂሳቡን አገላብጠው በ1980 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ድርጅቱ ትርፍ እያወጀ ከመደበኛ ሥራው የሚያገኘው ጥሬ ገንዘብ ግን ለዓመታት አሉታዊ እንደነበር አሳዩ። ምልክቱ ለማንም ክፍት ነበር፣ ያየው ግን ጥቂት ነው። በአሜሪካ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫን ግዴታ ያደረገው ደንብ የወጣው በ1987 ነው፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ጋዜጠኛ ምክንያት ነበረው። እኛ ምን ምክንያት አለን?

ታዲያ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ የተቀመጠ ሪፖርተር ምን ይጠይቅ? እኔ ሦስት ነገር እጠይቅ ነበር። ከመደበኛ ሥራ የተገኘው ጥሬ ገንዘብ ስንት ነው? ከትርፉ በጣም ካነሰ ልዩነቱ የት ነው የታሰረው? ተሰብሳቢ ሂሳቡስ ከሽያጩ ፈጥኖ አድጓል ወይ? ሽያጩ በአሥር በመቶ አድጎ ተሰብሳቢው በሃምሳ በመቶ ካደገ፣ ወይ ደንበኞች መክፈል አቁመዋል ወይ ድርጅቱ ለማይከፍል ሰው እየሸጠ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የተሰብሳቢውን ዕድሜ መጠየቅ ነው። ሠላሳ ቀን የሆነው ዕዳና ዓመት ያለፈው ዕዳ በአንድ መስመር ሲደመሩ አንድ ቢመስሉም አንድ አይደሉም። ልዩነት መኖሩ ብቻውን ጥፋት እንዳልሆነ ግን አይረሳ፤ አዲስ ፋብሪካ የሚተክል ወይም ለበዓል ገበያ ዕቃ የሚያከማች ድርጅት እያተረፈ ብር ሊያጥረው ይችላል። አንድ ዓመት ሲሆን ማብራሪያ ይጠየቃል፣ ሦስት ዓመት ሲደጋገም ግን ዜናው እሱ ነው።

ለትምህርት ክፍላችንም አንድ ጥያቄ አለኝ። በኢኮኖሚ ዘገባ ኮርስ ላይ የዜና መግቢያ አጻጻፍ በደንብ እንማራለን። ከዚያ ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀንሶ የአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ይታደለን፤ ገጹ ይገለጥና ከትርፉ ተነስተን ባንክ ውስጥ እስካለው ብር ድረስ፣ ከላይ በመጽሔቱ እንዳደረግነው፣ በእርሳስ እንውረድ። ካልኩሌተሩን እኛ እናመጣለን።