ቋንቋው ቢለወጥም ባለቤቱ አይለወጥም

ዘንድሮ አንድ ተማሪያችን ስለ ዓድዋ ድል በአማርኛ ጥሩ ጽሑፍ አቀረበ። የጦርነቱን ዘመን ግን 1896 ብሎታል። እኛ ዓድዋን የምናውቀው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ስጠይቀው ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንቀጽ በአንቀጽ እንደተረጎመ ነገረኝ። “አማርኛው ግን የራሴ ነው” አለ።

እውነቱን ነው፤ ደክሞበታል። የጦርነቱ ቀንም የማንም ንብረት አይደለም። ነገር ግን ማስረጃውን ያሰባሰበው፣ የትኛው ምክንያት እንደሚቀድም የመረጠውና መደምደሚያ ላይ የደረሰው ደራሲው ነው። ይህን ሁሉ ወስዶ ስሙን መተው የጽሑፍ ስርቆት ነው። ከአማርኛ መጽሐፍ ተርጉሞ ለእንግሊዝኛ መምህር እንደ ራስ ሥራ ማቅረብም ያው ነው፤ መምህሩ አማርኛ አለማንበባቸው ጥፋቱን አይሰርዘውም።

ከመጽሐፍ ጥቂት አንቀጽ የተረጎመ ተማሪ የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ርዕስ፣ የታተመበትን ዓመትና ገጹን ጠቅሶ “ትርጉም የራሴ” ይበል። ጽሑፉ በሙሉ የተተረጎመ ከሆነ ግን “ድርሰት” ሳይሆን “ትርጉም” ተብሎ ይቅረብ።

ተማሪያችን ጽሑፉን በዚሁ መልክ አስተካክሎ መልሷል። ከርዕሱ ሥር መጀመሪያ የደራሲው ስም፣ ቀጥሎ “ተርጓሚ” ተብሎ የእርሱ ስም ሰፍሯል።