የተሰነጠቀ እጅ ሁሉ ፈንገስ አይደለም፦ ለተለመደ አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

በአርብ ገበያ ምግብ ቤቶች ዕቃ የሚያጥቡ፣ ወጥ የሚሠሩና ወለል የሚወለውሉ ሴቶች የጣቶቻቸው መሀል ሲላጥና ሲሰነጠቅ የሚሰሙት ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ፈንገስ ነው፤ ደጋግመሽ በሳሙና ታጠቢ፤ ካልሆነም በረኪና አስነኪው፤ ከመድኃኒት ቤት ቅባት ግዢ» ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ የምሞግተው ይህንን አስተያየት ነው። እጃቸው ውኃ ውስጥ በሚውል ሰዎች ላይ የሚታየው ቁስለት በአብዛኛው ችፌ (ኤክዜማ) ነው። የሚመጣውም ውኃና ሳሙና የቆዳውን መከላከያ ስለሚያፈርሱት ነው። ስለዚህ እጥበት በጨመረ ቁጥር ሕመሙ ይብሳል።

አስተያየቱ ያለ ምክንያት አልተስፋፋም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በአማራ ክልል እከክ በሰፊው ተሰራጭቶ መድኃኒት በዘመቻ ታድሏል። እከክ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚታየው በጣቶች መሀል ነው። ውኃ ውስጥ የሚውል ጣት መሀሉ ነጥቶ ሲበሰብስ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ በእርግጥ ሊያድርበት ይችላል። ስሕተቱ ያለው እነዚህን በሽታዎች ማወቅ ላይ አይደለም፤ ሳይመረምሩ ሁሉንም እጅ በአንድ ስም መጥራት ላይ ነው።

ልዩነቱን ብዙ ጊዜ በዓይን መለየት ይቻላል። የእጅ ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እጅ ይይዛል፤ በሽተኛው እግሩም ላይ ፈንገስ ይኖርበታል፤ የቁስሉ ዳር ከመሀሉ ይልቅ ቅላትና ቅርፊት አለው። እከክ ሌሊት ያሳክካል፤ አብረው የሚተኙ ቤተሰቦችንም ይይዛል። የውኃና የሳሙና ችፌ ግን ሁለቱንም እጆች ይነካል፤ የሚጀምረውም አረፋ ታጥቦ በማይለቅበት ቦታ፣ ማለትም በጣቶች መሀልና ከቀለበት ሥር ነው። ከማሳከኩ ይልቅ ያቃጥላል፣ ይለበልባል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ሠራተኛዋ ለሁለት ሳምንት አገር ቤት ሄዳ ስትቀመጥ መሻሉ፣ ሥራ በጀመረች በቀናት ውስጥ ደግሞ መመለሱ ነው። ጥርጣሬ ከቀረ ከቁስሉ ዳር ቅርፊት ተፍቆ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የወራት የቅባት ወጪም ያድናል።

ውኃና ሳሙና እንዲህ የሚጎዱበት መንገድ ይታወቃል። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ከሞቱ ሕዋሳት የተሠራ ሲሆን ሕዋሳቱን አጣብቆ የሚይዛቸው ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ቅባታማ አሲዶች ናቸው። ጡብ በጭቃ ተያይዞ ግድግዳ እንደሚሆነው ማለት ነው። ሳሙና የድስት ስብ እንደሚያስለቅቅ ሁሉ ይህንንም ስብ ያስለቅቃል። በዚያ ላይ ጤናማ ቆዳ መጠነኛ አሲድነት አለው፤ የአሲድነት መለኪያው 5 አካባቢ ነው። የባሕላዊ ደረቅ ሳሙና መለኪያ ግን ከ9 በላይ ይወጣል። የቆዳው አሲድነት ሲጠፋ ሕዋሳቱን የሚያላቅቁ ኢንዛይሞች ይነቃቃሉ፤ አዲስ ስብ የማምረቱ ሥራም ይዘገያል። ንጹሕ ውኃም ብቻውን ቢሆን ሲደጋገም ቆዳውን ያሳብጠዋል፣ ሲደርቅም ይሰነጥቀዋል። በጀርመን የሥራ ጤና ደንብ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እጅን ማርጠብ ወይም እጅን ደጋግሞ መታጠብ ቆዳን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሥራ ተብሎ ይቆጠራል። በገበያ ቀን የምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ይህን ገና በጠዋቱ ታልፈዋለች።

የቆዳን መከላከያ መጠገን እንደሚቻል ደግሞ እዚሁ አገራችን ታይቷል። በደቡብ ኢትዮጵያ በፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ በሚባለው በሽታ፣ በተያዙ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እግር የሚዘፈዘፍበትን ውኃ ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ቀንሶ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨመረበት፤ ከዚያም እንደ ቀድሞው ቫዝሊን ተቀባ። የቆዳው መከላከያ ከቀድሞው አያያዝ የተሻለ ለውጥ አሳየ። ጥናቱ ስለ እግር ነው፤ ለእጅ የሚያስተምረው ግን አለ፦ ብዙ ውኃ ማለት የተሻለ ጥገና ማለት አይደለም።

እንግዲህ አንዲት የምግብ ቤት ሠራተኛ እንውሰድ። ጠዋት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ከዚያ በሳፋ ዕቃ ታጥባለች፣ ማታ ወለሉን በበረኪና ትወለውላለች። ጣቶቿ ሲሰነጠቁ ፈንገስ ነው ተብላ ድብልቅ ቅባት ገዛች። በሳምንት ውስጥ ተሻላት፤ ምክሩም ትክክል መሰላት። የሻላት ግን በቅባቱ ውስጥ ባለው ቤታሜታዞን፣ ማለትም ቁጣ በሚያበርደው ስቴሮይድ ነው እንጂ በፈንገስ መድኃኒቱ አይደለም። ቅባቱን ስታቆም ተመለሰባት። እንዲህ ያለው ድብልቅ አንዳንዴ ኒዮማይሲን ስላለበት ራሱ አለርጂ ያመጣል፤ እውነተኛ ፈንገስ ቢኖርም መልኩን ይሸፍነዋል።

የሚረዳት የሥራዋን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው። ቀለበቷን አውልቃ ትሠራለች። ፈሳሹን ሳሙና በእጇ ላይ ሳይሆን በሳፋው ውኃ ውስጥ ትጨምራለች። ውስጡ በጨርቅ የተለበጠ የላስቲክ ጓንት ታጠልቃለች፤ ውስጡ ውኃ ከገባ ግን ወዲያው ታወልቃለች፣ የረጠበ ጓንት ከባዶ እጅ ይበልጥ ይጎዳልና። ጓንት ለረጅም ሰዓት አይጠለቅም፤ ላብ ራሱ ያረጥባል። በረኪናን በባዶ እጅ ፈጽሞ አትነካም። አምስት በመቶ የሚል በረኪና ለወለል ሲሆን አንዱ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ይበጠበጣል። ስትታጠብ ለብ ባለ ውኃ ታጥባ የጣቶቿን መሀል ሳትፈትግ ታደርቃለች፤ ቆዳው ገና እርጥበት እንዳለው ቫዝሊን ትቀባለች። ቫዝሊን የላስቲክ ጓንትን ስለሚያዳክም ጓንት ከማጥለቋ በፊት ትጠርገዋለች፤ በብዛት የምትቀባው ሥራ ስትጨርስና ስትተኛ ነው። የግራ እጇ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሀል ጣት ጫፍ ብቻ ከተሰነጠቀ ግን ነጭ ሽንኩርቱን ትጠርጥር፤ የሚይዙት እነዚህ ጣቶች ናቸው፤ ለእሱ አለርጂ ያላቸው ሰዎች ሕመማቸው በዚያ ይታወቃል። ቁጣው ሲበረታ ስቴሮይድ ቅባት በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ብቻውን ይታዘዛል። ቁስሉ የዳነ ሲመስል መከላከያው ገና አልጸናም፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ለሳምንታት፣ ካስፈለገም ለወራት መቀጠል አለበት።

«ሳሙና ከቀነሰች ምግቡ ይበከላል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የተሰነጠቀ እጅ ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ከጤናማ እጅ በላይ ይሸከማል፤ እሱም ምግብ መመረዝ ከሚያመጡት አንዱ ነው። ያልተሰነጠቀ እጅ ይበልጥ ንጹሕ ነው። እጅ ሲቆሽሽና ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ በሳሙና መታጠብ የግድ ነው፤ ይህ አይቀነስም። የሚታይ ቆሻሻ በሌለበት ጊዜ ግሊሰሪን ያለበት የአልኮል ማጽጃ ከሳሙና ያነሰ ይጎዳል። በተሰነጠቀ እጅ ላይ ማቃጠሉ ሰዎችን ስለሚያስፈራ ነው «ያደርቃል» የሚባለው።

ይህ ሁሉ ገደብ አለው። መግል፣ ማር የሚመስል ቅርፊት፣ ትኩሳት ወይም የጥፍር መበላሸት ካለ፣ ወይም ቁስሉ በአንድ እጅ ብቻ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ካስፈለገም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መላክ አለ።

ለምግብ ቤትና ለሆቴል ባለቤቶች፣ እንዲሁም የቤት ሠራተኛ ለቀጠሩ እመቤቶች የምለው አንድ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ ሙሉ ሽፋን ስለሌላቸው የእነርሱ ጓንት በእመቤቶቻቸው ኅሊና ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ጓንትና ቫዝሊኑን ከሳሙናው ጋር አብራችሁ ግዙ፤ «ፈንገስ ነው» ከማለታችሁ በፊትም የሠራተኛዋ እጅ በቀን ስንት ሰዓት ውኃ ውስጥ እንደሚውል ጠይቋት።