ዓምዱን ኮፒ ማድረግ ይብቃን!

ኤክሴል የምንነካካ ሁሉ አንድ መጥፎ ልማድ አለብን። የሠራተኛውን መለያ ቁጥር ይዘን ስሙን ስንፈልግ፣ ስሙ ከቁጥሩ በስተግራ ከሆነ VLOOKUP እምቢ ይለናል። እሱ የሚፈልገው በመረጥነው ሰንጠረዥ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ ነው፤ ወደ ግራ ዞሮ ማየት አይችልም። እኛስ ምን እናደርጋለን? የስሙን ዓምድ ኮፒ አድርገን በስተቀኝ እንለጥፋለን። ወር ሳይሞላ አንዱ ዋናውን ዓምድ ያርማል፤ ቅጂው ግን እንደነበረ ይቀራል። የደመወዝ ዝርዝሩም በሌላ ሰው ስም ይወጣል።

መላው ቀላል ነው። ስሙ A ላይ፣ ቁጥሩ C ላይ ነው እንበል። የምንፈልገውን ቁጥር F2 ላይ ጽፈን፦

```
=INDEX(A2:A200,MATCH(F2,C2:C200,0))
```

MATCH ቁጥሩ ከላይ ስንተኛ እንደሆነ ይቆጥራል። 7ኛ ካለ፣ INDEX ከስሞቹ መሐል 7ኛውን ያነሳል። ግራ ሆነ ቀኝ ግድ የለውም።

ሁለት ነገር ግን እንጠንቀቅ። መጨረሻ ላይ ያለችውን 0 ከረሳናት፣ ኤክሴል ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደሩ ይመስለዋል፤ ካልተደረደሩ የማይሆን ስም ሊሰጠን ይችላል። ስሞቹን ከA1፣ ቁጥሮቹን ከC2 ከጀመርን ደግሞ ከላይ ያለው ሰው ስም ይመጣል። ሁለቱም ትክክለኛ መልስ ይመስላሉ። #N/A ቢመጣ በስንት ጣዕሙ! ቢያንስ አላገኘሁም ይላል።

XLOOKUP ይህንን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ይሠራል፤ ግን ኤክሴል 2019 እና ከዚያ በፊት የወጡት አያውቁትም። ፋይሉን የምንልክለት ሰው የትኛውን እንደሚከፍት ካላወቅን፣ የላይኛው ይሻለናል።