ሰኔ 30 ብቻ የሚቆጠር መጋዘን

ሰኔ ሲጋመስ ስልኬ ይጨናነቃል። ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ የድሮ ተማሪዎቼ ናቸው። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ የቆጠራ ፎርም ካለዎት ይላኩልኝ።» እልካለሁ። ዘንድሮ ግን ፎርሙን ከመላኬ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ነገሩን ያነሳሳችኝ አንዲት ተማሪዬ ናት። ሰበታ ውስጥ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያከፋፍል መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ናት። 412 ዓይነት ዕቃ አለ፤ ሠራተኛው እሷ፣ አንድ የሒሳብ ልጅና ሁለት ጫኝና አውራጅ ናቸው። አምና ሰኔ 30 መጋዘኑ ሦስት ቀን ተዘግቶ ተቆጠረ። ውጤቱ፦ የ48,000 ብር ጉድለት፣ የ45,500 ብር ትርፍ። ሒሳብ ክፍሉ «ልዩነቱ 2,500 ብር ነው፣ በጣም ጥሩ» አለ። ባለቤቱ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አወጣ፦ ትርፉ የድርጅቱ፣ ጉድለቱ የስቶር ኪፐሯ። በየወሩ እየተቆረጠ ትክፈል ተባለ። (በነገራችን ላይ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ይላል። ይህን የሚያውቅ አሠሪ ስንት እንደሆነ እናንተው ገምቱ።)

እስቲ አስቡት። 2,500 ብርም ውሸት ነው፣ 48,000 ብርም ውሸት ነው። ጉድለትና ትርፍ ተቀናንሶ ትንሽ ቁጥር ሲቀር መጋዘኑ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ መጽሐፉና መደርደሪያው በ93,500 ብር አይተዋወቁም ማለት ነው። ባለ 25 ሚሊ ኤልቦ ጎድሎ ባለ 20 ሚሊው ከተረፈ ደግሞ ማንም አልሰረቀም፤ ማታ ሲጫን አንዱ በሌላው ስም ወጥቷል። ግን ይህ የሆነው ጥቅምት ላይ ይሁን ሚያዝያ ላይ፣ በየትኛው መኪና ይሁን፣ ሰኔ 30 ላይ ቆሞ ማን ያውቃል? ዓመታዊ ቆጠራ ስንት እንደጎደለ ይነግርሃል። ለምን እንደጎደለ ለመጠየቅ ግን ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ አቋሜ ይኸው፦ ሰኔ 30 አይቅር፣ ግን ብቻውን አይሁን። በዓመቱ ውስጥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ዕቃ እየተዘዋወረ ይቆጠር። ሳይክል ካውንት የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እኔ የዙር ቆጠራ እለዋለሁ።

«ቲቸር፣ ሰው የለንም» ትሉኛላችሁ። የዚያችን ልጅ መጋዘን እንይ። ከ412ቱ ውስጥ አብዛኛውን ገንዘብ የያዙት 60ዎቹ ናቸው፤ እነሱን በየወሩ። መካከለኞቹን 110 በየሦስት ወሩ። የቀሩትን 242 በዓመት ሁለት ጊዜ። ደምሩት፦ 720፣ 440 እና 484፣ በጠቅላላ 1,644 ቆጠራ። በዓመት 290 የሥራ ቀን ካለ በቀን ስድስት ገደማ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ የመጀመሪያው መኪና ለጭነት ሳይቆም፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። መጋዘኑ አይዘጋም። ሃምሳ ስልሳ ዓይነት ዕቃ ብቻ ካላችሁ ግን ዙሩን ተዉት፤ በየሦስት ወሩ ሁሉንም ቁጠሩና ተገላገሉ።

አሁን ወደ ፎርሙ። ሁለቱ ቆጠራዎች በአንድ ፎርም ሲሠሩ ነው ብዙው ነገር የሚበላሸው።

በሁለቱም ላይ መኖር የሌለበት ነገር አለ፦ የፒችትሪው ባላንስ። አምና የታተመው ወረቀት ላይ ባላንሱ ከዕቃው ስም ጎን ነበር። ደክሞህ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ሄዶ በስልክ ባትሪ እየቆጠርክ፣ ወረቀቱ 840 ካለህ 840 ታገኛለህ። ሰው ነህ። ሪፖርቱን ወደ ኤክሴል አውጡና የብዛቱን ዓምድ አጥፉት። ቆጣሪው የሚያየው ኮዱን፣ ስሙንና መለኪያውን ብቻ ይሁን።

የዓመቱ ፎርም በመደርደሪያ ቅደም ተከተል ይደርደር፤ በፊደልም በኮድም አይሁን። በፊደል ከሆነ ቆጣሪው ቀኑን ሙሉ ከጥግ ጥግ ሲመላለስ ይውላል፣ ያልታየ መደርደሪያም ይቀራል። በአንድ ገጽ 15 መስመር ይበቃል። ለ412 ዕቃ 28 ገጽ ይሆናል፤ ከ001 እስከ 028 ቁጥር ይሰጣቸው፣ ለማን እንደተሰጠ ይመዝገብ፣ የተበላሸውም ባዶውም ሳይቀር 28ቱም ይመለሱ። ዕቃው ከሌለ 0 ይጻፍ፤ ባዶ መስመር «የለም» ይሁን «ረሳሁት» አይታወቅም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበት፣ ፍሉድ አይነካው። ከገጹ ሥር የቀሩት ባዶ መስመሮች በሰያፍ ይዘጉ። ከአናቱ ደግሞ ቆጠራው ሲጀመር የመጨረሻው የገቢ ደረሰኝና የመጨረሻው የወጪ ደረሰኝ ቁጥር ይጻፍ፤ ይህ ከሌለ ሐምሌ 1 የገባውና ሰኔ 30 የነበረው ይቀላቀላል።

የዙሩ ፎርም ግን ሌላ ነው። አጭር ነው፣ በቀን አንድ ገጽ፣ ስድስት መስመር። በሁለት ግማሽ ይከፈላል። ግራውን ቆጣሪው ይሞላል፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ ሙሉ ካርቶን ስንት፣ በአንዱ ካርቶን ውስጥ ስንት ፍሬ፣ ልቅም ፍሬ ስንት፣ ድምር። ቀኙን ከቆጠራው በኋላ የሒሳቡ ልጅ ይሞላል፦ የሲስተም ባላንስ፣ ያልተመዘገበ ገቢ፣ ያልተመዘገበ ወጪ፣ ሊኖር የሚገባው፣ ልዩነት፣ እና መጨረሻ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ለምክንያት። ያ የምክንያት ዓምድ ከሌለ የዙር ቆጠራ ዋጋ የለውም፤ በየቀኑ የሚሠራ ትንሽ ሰኔ 30 ይሆናል።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ዕቃ ላሳያችሁ። ልጅቷ ኅዳር ላይ ዙሩን ጀመረች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተራው የባለ 25 ሚሊ ኤልቦ ነበር። 15 ካርቶን አለ፣ 60 ልቅም ፍሬ አለ። ካርቶኑ ባለ 50 ነው ተብሎ ነው ሁልጊዜ የሚሠራው፤ 15 በ50 750 ነው፣ ከልቅሙ ጋር 810። ሲስተሙ 840 ይላል፤ ትናንት ማታ ወጥቶ ገና ያልተመዘገበ 30 ፍሬ አለ፣ ስለዚህ ሊኖር የሚገባው 810። ልክክ! ደረሰኝ ሳያዩ ቢሆን ኖሮ 30 ጎደለ ብለው ሊያስተካክሉ ነበር፤ ሲመዘገብ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቀነስ ነበር። ይህ በየመጋዘኑ የማየው ስህተት ነው።

ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ፎርሙ ላይ «በአንዱ ካርቶን ውስጥ ስንት» የሚለው ዓምድ ባዶ ሆኖ ነው የታተመው፤ ቆጣሪው ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ካርቶን ከፍቶ አይቶ ነው የሚሞላው። ከፈቱ። ዘጠኙ አሮጌ ካርቶን 50፣ 50 ነው። ስድስቱ አዲስ ካርቶን ግን በመልክ ያው ሆኖ ውስጡ 40 ነው! 450፣ 240 እና 60፣ በጠቅላላ 750። ጉድለት 60።

ደረሰኝ ተገለበጠ። ከሦስት ሳምንት በፊት 10 አዲስ ካርቶን ገብቷል፣ በ50 ተባዝቶ 500 ተብሎ ተመዝግቧል፣ የተከፈለውም ለ500 ነው። በእውነት የገባው 400 ነው። ከአሥሩ አራቱ ተሽጠዋል፣ ወረቀቱ ላይ 200 ፍሬ፣ ደንበኛው የወሰደው 160። 100 ጎድሎ ገብቶ 40ው ወደ ደንበኛ ተላልፏል፤ መጋዘኑ ላይ የቀረው 60። «ፍሬ አጎደላችሁብኝ» ብሎ የተጨቃጨቀውና ማንም ያላመነው ደንበኛም እውነቱን ነበር። ሦስት ሳምንት ስለሆነ አቅራቢው ካርቶኑን አይቶ አመነ፣ ለደንበኛውም 40 ፍሬ ተላከለት። ሰኔ ላይ ቢሆን የመጨረሻው ካርቶን ባዶ ሲሆን 60ው ይታይና ልጅቷ ትከፍል ነበር።

የዙር ቆጠራ አደጋም አለው፣ እሱንም ልንገራችሁ። በየቀኑ ማስተካከያ ስለሚሠራ ሌባ ከፈለገ በየቀኑ ጥቂት እያስተካከለ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ የሚቆጥረው የሒሳቡ ልጅ ይሁን፣ ስቶር ኪፐሯ አጠገቡ ቆማ ትፈርም፣ ማስተካከያውን ደግሞ ሦስተኛ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ፣ ያጽድቅ። ፒችትሪ ላይ Inventory Adjustments ውስጥ Reason to Adjust የሚል ቦታ አለ። ሁሉም ሰው እዚያ ላይ «ቆጠራ» ብሎ ይጽፋል። ቆጠራ ምክንያት አይደለም! «አዲሱ ካርቶን ባለ 40 ሆኖ ተገኘ» ምክንያት ነው። ምክንያቱ ካልተገኘ «አልታወቀም» ይባል፤ በአንድ ዕቃ ላይ ሦስት ጊዜ «አልታወቀም» ከመጣ ያኔ ካሜራና ቁልፍ እንነጋገራለን።

እና በየሳምንቱ በብር አትለኩ፣ በመስመር ለኩ። ከ36 መስመር 27ቱ ከገጠሙ 75 በመቶ ነው። በመስመር ሲለካ ጉድለትን በትርፍ መሸፈን የለም። በክብደት የሚሸጠው ምስማር ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ይታለፍ፤ ብሬከር ግን አንድ ከጎደለ ጎደለ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ሰኔ 30ን ለምን አንተወውም? አንደኛ፣ ኦዲተሩ ክምችቱ ከባድ ገንዘብ ከያዘ ቆጠራው ላይ መገኘት አለበት። ዓመቱን ሙሉ የታመነ መዝገብና የዙር ቆጠራ ካላችሁ በሌላ ቀን መጥቶ አይቶ ሊቀበል ይችላል፤ ግን ያ የእሱ ውሳኔ ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጣል። የዙር ቆጠራ ከዝርዝር ተነስቶ ወደ መደርደሪያ ይሄዳል። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ዕቃ ተራ አይደርሰውም። የዓመቱ ቆጠራ ከመደርደሪያ ተነስቶ ወደ ዝርዝር ይመጣል፤ ስለዚህ ከዓመቱ ፎርም ጋር ሦስት አራት ገጽ ኮድም ስምም ያልታተመበት ባዶ ቅጽ፣ ቁጥር ያለው፣ አብሮ ይሰጥ። የተቆጠረው ሁሉ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት፤ መጨረሻ ላይ ምልክት የሌለው ካርቶን ያን ባዶ ቅጽ ይሞላል።

ዘንድሮ ሰኔ 30 ሰበታ ሄጄ ነበር። ሦስት ቀን ሳይሆን አንድ ቀን ፈጀ። ከ412 መስመር 398ቱ ገጠሙ፣ ከቀሩት 14 የአሥራ ሁለቱ ምክንያት እዚያው ወጣ። የሁለቱ «አልታወቀም» ተብሎ ተጻፈ፣ ባለቤቱም ፈረመ። በባዶው ቅጽ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ተሞላ፦ ከላይኛው መደርደሪያ ጀርባ፣ ማንም ያልመዘገበው፣ አቧራ የጠጣ አምስት ካርቶን የአምፖል ሆልደር። መቼ እንደገባ እስካሁን እየፈለጉ ነው።